ትረካ ከምስል ጋር፦ የጤና ዘጋቢ ፊልም በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ

በዘጋቢ ፊልም ውስጥ ትረካ የሚባለው፣ ተናጋሪው ሳይታይ በምስሉ ላይ የሚሰማው የተጻፈ ንባብ ነው። በጤና ፊልም ላይ ሸክሙ ይከብዳል። ተውሳክ ወደ ሰውነት የሚገባበት መንገድ፣ መድኃኒት የሚሠራውና የማይሠራው ነገር በተራ ካሜራ አይቀረጽምና። የተለመደው ጉድለት የሚመነጨው ከአሠራሩ ነው። ጸሐፊው ቀረጻውን ሳያይ ስክሪፕቱን ጠረጴዛ ላይ ይጨርሳል፤ አርታኢው ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚመስለውን ምስል እየፈለገ ይለጥፋል። በዚህ መንገድ የተሠራ ፊልም ዓይን ያየውን ለጆሮ መልሶ ይነግራል።

ሐዋሳ ላይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ቢልሃርዝያ ነው። አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው የቢልሃርዝያ ዓይነት በሐይቁ ዙሪያ፣ በተለይም ከውሃ በማይለዩት ዓሣ አጥማጆች ላይ በጥናት ተመዝግቧል። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ሌላ እጭ ደግሞ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ለፊልም ሠሪ ችግሩ ግልጽ ነው። በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ ካሜራ የደቀነ ሰው ጀልባ፣ መረብ፣ ቆሮሶና አምባዛ፣ የዓሣ ትራፊ የሚጠብቁ አባ ኮዳ የተባሉ ትልልቅ ወፎች በብዛት ያገኛል፤ በሽታው ግን በአንዱም ውስጥ አይታይም።

ስድስት ምስሎች ያሉት የ40 ሰከንድ ክፍል እንውሰድ። ዓሣ አጥማጆች ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው ጀልባ ይገፋሉ (8 ሰከንድ)። መረብ ሲታጠብ፣ እግሮች ውሃ ውስጥ ሆነው ከቅርብ ይታያሉ (7 ሰከንድ)። በቄጠማ ላይ የተለጠፈ ቀንድ አውጣ (6 ሰከንድ)። በማይክሮስኮፕ የሚታይ እንቁላል (6 ሰከንድ)። ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ሰው መዳፉ ላይ የያዘውን አራት ክኒን ሲውጥ (9 ሰከንድ)። ያው ሰው ተመልሶ ውሃ ውስጥ ሲገባ (4 ሰከንድ)።

ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «ዓሣ አጥማጆቹ በማለዳ ተነሥተው ጀልባቸውን ወደ ሐይቁ ይገፋሉ። መረባቸውንም በዳርቻው ያጥባሉ። በሐይቁ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ይገኛሉ። በላቦራቶሪም ምርመራ ይደረጋል። ታካሚው መድኃኒቱን ይወስዳል።» ሁሉም እውነት ነው፤ ተመልካቹ ግን አንዱንም ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሲስተካከል የመጀመሪያው ምስል ያለ ትረካ ይለቀቃል። የውሃው መንቦጫረቅና የሰዎቹ መጠራራት ይበቃዋል። መረቡ ሲመጣ ተራኪው ወዲያው አይናገርም፤ ተመልካቹ አዲሱን ምስል እስኪለይ አንድ ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። ከዚያ «የቢልሃርዝያ እጭ በዓይን አይታይም። ቆዳ በስቶ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል» ይላል። ዓይን እግሮቹ ላይ ነው፤ ጆሮ የሚሰማው እግሮቹ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ነው። ሁለቱ ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ የሚሰጡት መረጃ ግን የተለያየ ነው። ድግግሞሽን ሸሽቶ እግር እየታየ ስለ ክልሉ የጤና በጀት ማውራት የባሰ ጥፋት ነው። ቃልና ምስል ሲጋጩ ሰው ምስሉን ይከተልና የተነገረው ያመልጠዋል።

በቀንድ አውጣው ላይ «የሚራባው እዚህ ውስጥ ነው» ማለት ይበቃል። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ማይክሮስኮፑ ላይ ግን ደንቡ ይገለበጣል። ባለሙያ ያልሆነ ተመልካች የሚያየው ቢጫማ ሞላላ ነገር ብቻ ስለሆነ የሚታየውን መጥራት እዚህ ድግግሞሽ አይሆንም፦ «ይህ የትሉ እንቁላል ነው። በጎኑ ያለው እሾህ ይለየዋል።» መለኪያው ነገሩ ምስሉ ላይ መኖሩ አይደለም፤ ተመልካቹ ራሱ ሊያነበው መቻሉ ነው።

ክኒኖቹ ሌላ ጣጣ አላቸው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም ስለሆነ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 600 ሚሊግራም የሆነውን ክኒን አራት ይወስዳል። ትረካው ዝም ካለ ምስሉ «ለሁሉም አራት ነው» ብሎ ያስተምራል። ስለዚህ ቃሉ ምስሉን ያርመዋል፦ «ብዛቱን የሚወስነው የሰውነት ክብደት ነው።» ሰውየው ወደ ውሃው ሲመለስ ደግሞ፣ «መድኃኒቱ ነገ የሚገባውን አይከለክልም» ይባላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ክኒኑ በሚዋጥበት ምስል ላይ ቢነበብ ደረቅ ማስጠንቀቂያ በሆነ ነበር። እግሩ ውሃውን ሲነካ የሚሰማው ግን የሚታየውን ድርጊት ትርጉም ይለውጠዋል።

ቃልና ፊት ሲገጣጠሙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአንድ ዓሣ አጥማጅ ፊት ከቅርብ እየታየ «በበሽታው የተያዙ» የሚል ቃል ከተሰማ፣ ሳይመረመር በሽተኛ ተባለ ማለት ነው፤ በሠፈሩ የሚያውቁት ሰዎችም እንደዚያው ይረዱታል። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር መረቡ ወይም ውሃው ላይ ማረፍ አለበት።

የአማርኛ አገነባብ የራሱን ሥራ ይጨምራል። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ መልእክቱ የሚታሰረው በመጨረሻው ቃል ነው። «እጩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ፣ በውሃው ውስጥ እየዋኘ፣ የሰው ቆዳ ሲያገኝ ይገባል» የሚለው ረጅም ዓረፍተ ነገር ቀንድ አውጣው ላይ ተጀምሮ ማይክሮስኮፑ ላይ ቢያልቅ፣ «ይገባል» የሚለው ቃል ከእንቁላሉ ጋር ተጣብቆ ይሰማል፤ ተመልካቹም ቆዳ የሚበሳው እንቁላሉ ይመስለዋል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን መቁረጥ፣ ወይም ምስሉን ግሡ እስኪነገር ማቆየት። እኔ መቁረጡን እመርጣለሁ፤ ምስልን ለንባብ ብሎ መጎተት ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ቃልና ምስል አንድ መሆን ያለባቸው ጊዜም አለ። ተመልካቹ በእጁ የሚሠራውን በሚማርበት ቦታ፣ ለምሳሌ የተቅማጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ ሲታይ፣ እጁ የሚያደርገውን ድምፁ በዚያው ቅጽበት ይናገር። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ለውበት ሲባል የሚደረግ ቁጠባ አደገኛ ነው።

በሌላው ቦታ ሁሉ ግን ቃልን ለመቆጠብ ሐዋሳ ላይ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ፊልሙ በሲዳምኛም በአማርኛም የሚቀርብ ከሆነ የሁለቱ ንባብ ርዝመት እኩል አይመጣም። በአማርኛው ሰከንዱ ሁሉ በቃል ከተሞላ ለሌላው ቋንቋ መተንፈሻ አይኖርም፤ ተራኪው ይጣደፋል፣ ቃሉም ከምስሉ ያልፋል። ስለዚህ የምስሉ ቅንብር የመጨረሻ ሆኖ ከመቆለፉ በፊት ሁለቱም ንባቦች በሰከንድ ቆጣሪ ጮክ ተብለው ይነበባሉ፤ የሚቆረጠው ደግሞ በረዘመው ልክ ነው።

ጉድለቱን ለመለየት ክፍሉን ሁለት ጊዜ መፈተሽ ይበቃል፤ አንዴ ድምፁን ዘግቶ፣ አንዴ ዓይንን ጨፍኖ። ፊልሙን የማያውቅ ሰው ያለ ድምፅ ያየውን እንዲያወራ ይጠየቃል፤ ከተናገረው ጋር ቃል በቃል የሚገጥም የስክሪፕቱ ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል። ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማ ደግሞ «እዚህ» የተባለው የት እንደሆነ፣ «ይህ» የተባለው ምን እንደሆነ ቢጠይቅ ጥሩ ነው፤ ያን መመለስ የምስሉ ሥራ ነውና። ምንም ሳይጠይቅ ሁሉን ከተረዳ በእጃችን ያለው ምስል የተለጠፈበት የሬዲዮ ፕሮግራም ነው።