ቲዲኤም ምንድን ነው? ኤፍዲኤምስ? ስለ «ተራ ጠብቆ ማውራት»

አንድ አስተያየት ሰጪ ሰሞኑን በልበ ሙሉነት እንዲህ ሲል አነበብኩ፦ «በጊዜ ክፍፍል፣ ማለትም በቲዲኤም፣ ደዋዮች የሚያወሩት ተራ በተራ ስለሆነ ድምፅ ይቆራረጣል። በፍሪኩዌንሲ ክፍፍል፣ ማለትም በኤፍዲኤም፣ ግን ሁሉም እኩል ስለሚያወሩ ጥራቱ ይበልጣል።» ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ተራ መኖሩ እውነት ነው። ከዚያ የተነሳ ድምፅ ይቆራረጣል የሚለው ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ኤፍዲኤም ብዙም አያከራክርም። የስልክ ንግግር ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለው ክልል ይበቃዋል። የድሮዎቹ መሣሪያዎች ለእያንዳንዱ ደዋይ 4 ኪሎ ሄርዝ እየመደቡ፣ 12 ንግግሮችን ከ60 እስከ 108 ኪሎ ሄርዝ ድረስ ጎን ለጎን ይደረድሩ ነበር። በሁለቱ መካከል የተተወው ትርፍ ቦታ ማጣሪያው ጎረቤቱን ሳይነካ እንዲለይበት ነው። ሬዲዮ ከፍቶ ጣቢያ የሚመርጥ ሰው ይኼንኑ ነው የሚያደርገው። ነገር ግን «ሁሉም እኩል ያወራሉ» የሚለው ነገር ዋጋ አለው። አሥራ ሁለቱንም የሚያጎላው ማጉያ አንድ ነው። ከአቅሙ በላይ ከተጫነ ሞገዶቹ እርስ በርስ ተደባልቀው ማንም ያልላከው አዲስ ሞገድ ይፈጠራል፣ ያም የአንዱ ምስኪን ቻናል ውስጥ ሄዶ ያርፋል። መስመሩ በረዘመ ቁጥር ማጉያው ይበዛል፣ ጫጫታውም ይጠራቀማል። ስለ ጥራት ከተነሳ ይህም አብሮ ይነሳ።

አሁን ወደ ተራው። በሰፊው የሚሠራበትን ኢ-ዋን የሚባለውን መስመር እንውሰድ። ድምፅ እዚህ ውስጥ የሚገባው እንደ ሞገድ አይደለም። በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል። «ሰላም» ለማለት ግማሽ ሰከንድ ከፈጀባችሁ ከአፋችሁ የወጣው ነገር 4000 ቁጥሮች ሆነ ማለት ነው። ከአንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ 125 ማይክሮ ሰከንድ አለ፣ በዚያ መሃል የእናንተ የሚላክ ነገር የለም። መስመሩ ግን ፈጣን ስለሆነ አንዷን ቁጥር ለማስተላለፍ ወደ 3.9 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ይበቃዋል። በቀረው ጊዜ የሌላውን ሰው ቁጥር ይወስዳል። ተራውን የሚጠብቀው ቁጥሩ እንጂ ሰውዬው አይደለም። እሱ ሳያቋርጥ ያወራል፣ ሰሚውም ሳይቋረጥ ይሰማል። አንድ ቁጥር በጣም ቢቆይ 125 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በዚያ ጊዜ የሚሄደው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ካለው መንገድ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ቢሾፍቱ የደወለ ሰው በርቀቱ የተነሳ ድምፁ ተቆራረጠ የሚል አለ?

በሰከንድ 8000 ጊዜ የሚነሳ፣ 32 መቀመጫ ያለው አውቶቡስ አስቡ። ዜሮ ቁጥር መቀመጫ ላይ ሹፌሩ አለ፤ በአንድ ጉዞ እያለፈ 0011011 የሚል መለያ ይዞ ይታያል፣ ተቀባዩም አውቶቡሱ ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው በእሱ ነው። 16 ቁጥር ላይ ረዳቱ ተቀምጧል፦ ማን ወጣ፣ ማን ወረደ፣ ማን ስልኩን ዘጋ የሚለውን የሚይዘው እሱ ነው። ለተሳፋሪ የሚቀረው 30 ነው። (አሜሪካኖቹ በ24 ነው የሚሠሩት። ረዳቱን ሌላ ቦታ አስቀምጠው 31 የሚጭኑም አሉ። አሁን እዚያ ውስጥ አንግባ።) ተቀባዩ የሹፌሩን ቦታ በአንድ መቀመጫ ቢሳሳት 30 ሰው በሌላ ሰው ቤት ይወርዳል። ደግሞም አንድ ተሳፋሪ በአንድ አውቶቡስ አይሳፈርም። «ሰላም» ያላችሁት በ4000 አውቶቡስ ተከፋፍሎ፣ ሁልጊዜ በዚያው መቀመጫ ነው የሚሄደው።

እውነተኛው ጉድለት ያለው እዚህ ነው፣ ግን አስተያየት ሰጪው አላነሳውም። ደዋዩ ዝም ቢል መቀመጫው ባዶውን ይሄዳል፣ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። ኤፍዲኤምም በዚህ አይሻልም፤ ዝም ያለ ሰው 4 ኪሎ ሄርዙን ይዞ ይቀመጣል። ኢንተርኔት የሚለየው ቀድሞ የመጣ እንዲጭን በመፍቀዱ ነው፣ የጥሪ መቆራረጥም በብዛት የሚመጣው ከዚያ ሰልፍ ነው።

በቲዲኤም ላይ ድምፅ የሚያበላሽ ሌላ ነገር ግን አለ፦ የክሎክ፣ ማለትም የመሣሪያዎቹ ጊዜ ቆጣሪ፣ አለመስማማት። የሁለቱም ጫፍ መሣሪያ የራሱን ክሎክ እንዲከተል ተዋቅሯል እንበል፣ በመካከላቸውም ከሚሊዮን 50 ልዩነት አለ። 8000ን በዚህ ስናባዛ በሰከንድ 0.4 አውቶቡስ ይሆናል። ስለዚህ በየ2.5 ሰከንዱ አንድ ሙሉ አውቶቡስ ይጣላል ወይም ይደገማል። በንግግር ላይ ከቀጭን «ጠቅ» አያልፍም፣ ብዙ ሰውም ልብ አይለውም። ፋክስ ላይ ግን ገጹ ይበላሻል፣ ሞደምም ሊያቋርጥ ይችላል። መለያው ጊዜን ጠብቆ መምጣቱ ነው፤ መጨናነቅ እንዲህ በሰዓቱ አይመጣም። መፍትሔው መስመሩን መቀየር አይደለም፣ አንደኛው ጫፍ የሌላውን ክሎክ እንዲከተል ማድረግ ነው። ሁለቱም ወገን እጅግ ትክክለኛ ዋና ክሎክ ካለው ግን አውቶቡስ የሚጣለው ወይም የሚደገመው ከ70 ቀን በላይ ቆይቶ አንዴ ነው።

«ታዲያ የቱ ይሻላል?» የሚል ሰው ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ ይመልከት። 2ጂ ሁለቱንም ነው የሚጠቀመው። መጀመሪያ 25 ሜጋ ሄርዙን በ200 ኪሎ ሄርዝ ስፋት 124 ቦታ ይከፍለዋል፣ ይህ ኤፍዲኤም ነው። ከዚያ እያንዳንዱን በጊዜ ለ8 ስልክ ያከፋፍለዋል፣ ይህ ቲዲኤም ነው። ስልኩ 577 ማይክሮ ሰከንድ ይልካል፣ ዝም ይላል፣ በ4.6 ሚሊሰከንድ ገደማ ተመልሶ ይልካል። ይህ በሰከንድ ወደ 217 ጊዜ ነው። ስልክ ከመጮኹ በፊት አጠገቡ ያለ ስፒከር የሚያሰማው «ድድድ-ድድድ» የሚለው ድምፅ ይኸው የተራው ምት ነው። በ3ጂ ላይ ግን እንዲህ አይሰማም፣ እሱ ሌላ አከፋፈል ነው።

በአየር ላይ ተራ መጠበቅ በሽቦ ካለው ይከብዳል፣ ምክንያቱም ስልኮቹ ከማማው እኩል አይርቁም። 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ስልክ የማማው ምልክት ዘግይቶ ይደርሰዋል፣ የእሱም መልስ ዘግይቶ ይመለሳል፤ ድምሩ 200 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ በሁለት ተራ መካከል የተተወው ክፍተት ግን 30 ብቻ። ስለዚህ ማማው «አንተ ቀደም ብለህ ላክ» ይለዋል። ይህ ማስቀደም 63 ደረጃ ላይ ያበቃል፣ ርቀቱም ወደ 35 ኪሎ ሜትር ነው። ከፍ ያለ ተራራ ላይ ያለ ማማ ከዚያ አልፎ ቢታይም፣ ስልኩ ላይ ምልክት እያለ ጥሪው አይሳካም። ከዚህ በላይ መድረስ ከተፈለገ ለአንድ ደዋይ ሁለት ተራ መስጠት ይቻላል፤ በዚያ ቦታ ላይ ታዲያ ስምንት የነበረው ደዋይ አራት ይሆናል።