ጭን ሲያቃጥል፦ ስለ ላክቴት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዳገት ላይ ጭኔ ሲቃጠል ላክቲክ አሲድ ሞላ ማለት ነው። ቆሻሻው እስኪወጣ ቁጭ ብዬ ልረፍ።»

ይህን ያለኝ ደሴ ውስጥ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ማለዳ ማለዳ ከማሠለጥናቸው ወጣቶች አንዱ ነው። አራተኛውን የዳገት ሩጫ ጨርሶ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጧል፤ በሁለት እጁ ጭኑን ይጨብጣል። እጁን ይዤ አስነሣሁትና ቁልቁል ቀስ እያልን እየተራመድን ነገርኩት።

ዳገቱን በሙሉ ኃይል ሲወጣ የጭኑ ጡንቻ ፈጣን ክሮች ያከማቹትን ስኳር በጥድፊያ ይሰብራሉ። አንዱ ግሉኮስ ለሁለት ይከፈልና ፓይሩቬት ይሆናል፤ የሕዋሱ ምድጃ ወደሆነው ማይቶኮንድሪያ ገብቶ ለመቃጠል ያልደረሰለት ደግሞ ወደ ላክቴት ይለወጣል፤ ሰው ላክቲክ አሲድ የሚለው ይህንኑ ነው። እዚህ ድረስ ጡንቻው ከአንድ ግሉኮስ ያገኘው የተጣራ ትርፍ፣ ሕዋስ ጉልበቱን በሚመነዝርበት በኤቲፒ ሲቆጠር፣ 2 ወይም 3 ብቻ ነው። ስኳሩ እስከ መጨረሻው ቢቃጠል ግን ወደ 30 የሚጠጋ ይገኝበታል። ስለዚህ አብዛኛው ጉልበት አሁንም ላክቴቱ ውስጥ ነው። ማገዶ ነዶ ሲያበቃ አመድም ከሰልም ይተርፋል። አመዱ ይደፋል፤ ከሰሉ ግን ተለቅሞ ሌላ ምድጃ ላይ ቡና ያፈላል። ላክቴት ከሰሉ ነው።

ያ «ሌላ ምድጃ» ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከፈጣኑ ክር ጎን፣ በዚያው ጭን ውስጥ፣ በማይቶኮንድሪያ የተሞሉ ቀርፋፋ ክሮች አሉ። ላክቴቱ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ባሉ አመላላሽ ፕሮቲኖች በኩል ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ እዚያ ተመልሶ ፓይሩቬት ይሆንና በኦክስጅን ይቃጠላል። የተረፈው ወደ ደም ይገባል። ልብ በከባድ ሩጫ ጊዜ ከሚወዳቸው ነዳጆች አንዱ ይኸው ላክቴት ነው። ብዙ ያልደከሙ ሌሎች ጡንቻዎችም ከደሙ ይወስዳሉ። ጉበት ደግሞ ከፊሉን መልሶ ግሉኮስ አድርጎ ለሠራተኛው ጡንቻ ይልክለታል። በእንቅስቃሴ ላይ ባለ ሰው ከሚመረተው ላክቴት ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚጠፋው እንዲህ በመቃጠል ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሚሠራው ጆርጅ ብሩክስ በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ይህን ምልልስ ሲያቀርብ ብዙዎች ተጠራጥረውት ነበር። እኔ ለልጆቹ የላክቴት ቅብብል እለዋለሁ፤ የዱላ ቅብብልን ስለሚያውቁ ወዲያው ይገባቸዋል።

ልጁን ከድንጋዩ ላይ ያስነሣሁትም ለዚህ ነው። ሲቀመጥ የጭኑ የደም ዝውውር ይቀንሳል፤ ቀርፋፋዎቹ ክሮችም ነዳጅ መጠየቅ ያቆማሉ። በእረፍት ላይ ያለ ሰው ደም በአንድ ሊትር ወደ 1 ሚሊሞል ላክቴት ይይዛል። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ አለ፤ ከእንዲህ ያለ ዳገት በኋላ 10 እና ከዚያ በላይ ሊያሳይ ይችላል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ወደ መነሻው ለመመለስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ግን በዚያ ግማሽ ጊዜ ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ እየሮጠ ላክቴቱን ያቃጥለዋልና። ይህ ግን ለሁሉም ልምምድ አይሠራም። በአጭር አጭር እረፍት የሚደገም የጥቂት ሰከንድ ፍጥነት ሲሆን ቆሞ መተንፈስ ይሻላል፤ እዚያ ጡንቻው በቅድሚያ መሙላት የሚፈልገው ሌላ ክምችት፣ ክሬቲን ፎስፌት ነው።

«ግን የሚያቃጥለው ላክቴቱ ራሱ አይደለም?»

ለብቻው አይደለም። ለአረፈ ሰው በደም ሥሩ ላክቴት ሲሰጠው ጭኑ አይቃጠልም። ማካርድል የተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ጡንቻቸው ውስጥ ያከማቹትን ስኳር መስበር ስለማይችሉ በሩጫ ጊዜ ላክቴታቸው እንደ ሌላው ሰው አይጨምርም። ሆኖም ከማንም በላይ ቶሎ የሚደክሙትና ጡንቻቸው የሚያማቸው እነርሱ ናቸው።

በከባድ ሥራ ጊዜ ከላክቴቱ ጋር የሃይድሮጅን አዮኖችም ይከማቻሉ፤ አሲዳማነቱን የሚያመጡት እነርሱ ናቸው። ሁለቱ አብረው ስለሚጨምሩ አንዱ በሌላው ስም ሲከሰስ ኖረ። እንዲያውም ፓይሩቬት ወደ ላክቴት ሲለወጥ አንድ ሃይድሮጅን አዮን ይወስዳል፤ አመላላሹ ፕሮቲንም ላክቴቱን ሲያወጣ አንድ አዮን አብሮ ያወጣል። ያም ሆኖ ላክቴትን ፍጹም ንጹሕ ማድረግ አልፈልግም። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በፈቃደኞች የአውራ ጣት ጡንቻ ውስጥ ሃይድሮጅን አዮን፣ ላክቴትና ኤቲፒ እየወጉ የተሰማቸውን ጠየቁ። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲሰጥ ይህ ነው የሚባል ስሜት አላመጣም። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲሰጡ ግን ድካም፣ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ የሕመም ስሜት መጣ። እንግዲህ ላክቴት ከሦስት ምስክሮች አንዱ ነው፤ ጡንቻው በዝቶበታል ብለው ለነርቭ የሚናገሩት አብረው ሲሆኑ ነው።

«ላክቴት የሚመጣው ኦክስጅን ሲያልቅ ብቻ ነው።»

አሁን ተቀምጠህ ይህን ስታነብም ጡንቻህ ላክቴት ያመርታል፤ ያ 1 ሚሊሞል በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ሐሳቡ የተወለደው ከእንቁራሪት እግር ነው። በ1907 እ.ኤ.አ. ፍሌቸርና ሆፕኪንስ ከእንቁራሪት የተቆረጠ ጡንቻ ኦክስጅን በሌለበት ሲሠራ ላክቲክ አሲድ እንደሚያከማች፣ ኦክስጅን ሲያገኝም እንደሚቀንስ አሳዩ። ምርመራው ትክክል ነበር። ነገር ግን የተቆረጠ እግር ደም አይዞርበትም፤ ልብና ጉበት የሉትም። ቅብብሉ የሚካሄድበት መንገድ ቀድሞ ስለተቆረጠ ላክቴቱ መሄጃ አጥቶ ተከማቸ፣ ብዙ ሰውም ቆሻሻ መሰለው። በሕያው ሰው ደም ውስጥ ቁጥሩ ሲጨምር የሚነግረን ምርቱ ከፍጆታው መብለጡን ነው። ረጅምና ቀላል ሩጫ ቀርፋፋ ክሮችን በማይቶኮንድሪያ ይሞላል፤ ስለዚህ በዚያው ፍጥነት ሲሮጥ የሠለጠነ ሰው ቁጥር ዝቅ ይላል።

«በማግስቱ የሚያመኝ ሳይወጣ የቀረ ላክቲክ አሲድ ነው። ማሳጅ ያወጣዋል።»

ለዚህ ሐረጎ ይመስክር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል በእግሩ የወረደ ሰው 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይጓዛል። ትንፋሹ አይቆራረጥም፣ ጭኑም አይቃጠልም፤ ላክቴቱም እምብዛም ከፍ አይልም። በሁለተኛው ቀን ግን ደረጃ ለመውረድ ግድግዳ ይይዛል። ጦሳን ሽቅብ የሮጠው ልጅ በአንጻሩ እሳት በእሳት ሆኖ ይወጣና በማግስቱ ደህና ይውላል። ሕመሙ ላክቴትን ቢከተል ኖሮ ነገሩ ተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

ቁልቁል ሲወረድ የጭን ጡንቻ እንደ ፍሬን ይሠራል፤ እየተሳበ ይኮማተራል። ያን ጊዜ በክሮቹ ላይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል፤ ሕመሙ ቀስ ብሎ መጥቶ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ላክቴቱ ግን ሰውየው ኮምቦልቻ ደርሶ ሻይ ጠጥቶ ሳይነሣ ወደ መነሻው ተመልሷል። ማሳጅ ስሜቱን ሊያለዝበው ይችላል፤ የሚያወጣው ላክቴት ግን እዚያ የለም። ይልቅ በመጀመሪያው ሳምንት አጭር ቁልቁለት ብቻ ውረድ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት በዚያው መንገድ ስትወርድ ጭንህ በጣም ያነሰ ያምሃል፤ ጡንቻው ከመጀመሪያው ጉዞ ራሱን አጠናክሯልና።