የማያመው ቁስል ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ቡና አፍልተው የሚሸጡ ሴትዮ አሉ እንበል። ስማቸውን እትዬ ዘሃራ እንበላቸው። አንድ ቀን ጠዋት ልጃቸው የእናቷን ትንሿ ጣት ጎን አይታ ደነገጠች። ውሃ ቋጥሯል። ማታ ጀበና ሲያነሱ ተቃጥለው ነበር፣ ግን አላወቁም። «ታድዬ፣ እንኳን አላመመኝ» አሉ።

መታደል አይደለም። እሳት ነክቶት ያላመመው ጣት ነርቩ ተጎድቷል ማለት ነው። እንዲህ ከሚያደርጉ በሽታዎች አንዱ ስጋ ደዌ ነው።

የስጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይወዳል። ስለዚህ ቆዳ ላይና ለቆዳ ቀረብ ያሉ ነርቮች ውስጥ ይቀመጣል። ክርናችን ሲጋጭ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ የሚነዝረን ነርቭ አለ አይደል? ዋናው ተጠቂ እሱ ነው። እሱ ሲጎዳ ትንሿ ጣትና የጎረቤቷ ግማሽ ይደነዝዛሉ፣ እየቆየም ጣቶቹ ይታጠፋሉ። ለእግር ደግሞ በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚት ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ አለ። እሱ ሲጎዳ ውስጥ እግር ይደነዝዛል። ጣት በስጋ ደዌ «ይረግፋል» የሚባለው ትክክል አይደለም። ባክቴሪያው ጣት አይቆርጥም። ያልታየ ቁስል ይመረቅዛል፣ አጥንት ይደርሳል፣ አጥንቱ እያለቀ ጣቱ ያጥራል።

እትዬ ዘሃራ ክንዳቸው ላይ ከቆዳቸው ትንሽ ፈዘዝ ያለ ምልክት ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አያሳክክም፣ አያምም፣ ስለዚህ ተዉት። ብዙ ሰው ለምጽ ነው ብሎ ያልፈዋል። ለምጽ ግን ወተት የመሰለ ንጣት አለው፣ ሲነኩትም ይሰማል። ጭርት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሳክካል። የስጋ ደዌው ምልክት ፈዘዝ ወይም ቀላ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ላብ አያወጣም፣ ፀጉሩም ይሳሳል። ዋናው መለያው ግን አለመሰማቱ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ልጅቱ ጥጥ አሹላ ጫፉን ጤነኛው ቆዳ ላይ ነካ አደረገች። እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው «እዚህ ጋ» ብለው በጣታቸው አሳዩ። ምልክቱ ላይ ስትነካ ግን ዝም አሉ። መርፌ አያስፈልግም፣ ጥጡንም ቆዳው ላይ መጎተት አይገባም። ለጤና ባለሙያ ይህና ክርን ጋ እንደ ገመድ የወፈረ ነርቭ ትልቅ ምልክት ናቸው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ በሽታ የቆየ ስም አለው።

ሕክምናው ኪኒን ነው። እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፣ ክፍያ የለውም። ከተጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ ያቆማል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ኪኒኑ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የሞተ ነርቭ አያስነሳም። ድንዛዜው ከ6 ወር በታች ከሆነ ፕሬድኒሶሎን በሚባል መድኃኒት ሊመለስ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ተስፋው ይመነምናል።

ስለዚህ የደነዘዘውን ቆዳ የሚጠብቀው ዓይን ነው። ሕመም ይሠራ የነበረውን ሥራ ዓይን ይረከባል። እትዬ ዘሃራ የጀበናውን እጀታ በወፍራም ጨርቅ መያዝ ጀመሩ። ሲኒውንም ሙቀት በሚሰማው እጃቸው ያነሳሉ። ከባዱ ነገር፣ ደሴ ብርድ ሲሆን ከሰል መሞቅ ነው፤ እግር ዘርግቶ ማን ይጠላል? የደነዘዘ እግር ግን እየተጠበሰ ዝም ይላል። ካልሲ ይሻላል።

የደነዘዘ ቆዳ ላብ ስለማያወጣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ቁስል ይገባል። ማታ ማታ እግርን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ የወፈረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ቀስ አድርጎ መፈግፈግ፣ ከዚያ እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት ነው። በዚያውም፣ ውስጥ እግርን በመስታወት ማየት፤ የቀላ፣ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ከነገው መንገድ ይቀነሳል። ነጠላ ጫማ ሲወልቅ ስለማይታወቅ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ይሻላል፤ ውስጡ ለስላሳ፣ ሶሉ ጠንካራ። ከማድረግ በፊት ጫማውን ገልብጦ ማራገፍ ነው። አንድ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ውስጥ ሊውል ይችላል።

ቁስል ከወጣ ደግሞ ትልቁ መድኃኒት አለመርገጥ ነው። ስላላመመ ብቻ የሚረገጥ ቁስል አይድንም። ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ከሸተተ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ኪኒኑን እየወሰዱ እጅ ወይም እግር በድንገት ከደከመ፣ ወይም ድንዛዜው ከሰፋም እንደዚያው፤ ኪኒኑን ሳያቋርጡ።