የኪዩቢኩ ሥር ከየት ይጀመራል?

የ3×3 ማትሪክስ ካራክተሪስቲክ ፖሊኖሚያል ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችን ቁጥር በግምት መሞከር እንጀምራለን። ግምቱ ግን ወሰን አለው። የማትሪክሱ ቁጥሮች ሁሉ ሙሉ ቁጥር ከሆኑና λ³ በ1 ከተባዛ፣ ክፍልፋይ ሥር አይኖርም። ራሽናል ሥር ካለ ሙሉ ቁጥር ነው፤ ዜሮ ያልሆነውን ቋሚ ቁጥርም ያለ ቀሪ ያካፍላል። ቋሚው ዜሮ ከሆነ ደግሞ λ = 0 ራሱ ሥር ነው።

ዲያጎናሉ ላይ 2፣ ሌላው ቦታ ሁሉ 1 የሆነ ማትሪክስ እንውሰድ። ፖሊኖሚያሉ ይህ ነው፦

λ³ − 6λ² + 9λ − 4

የምንሞክራቸው ±1፣ ±2 እና ±4 ብቻ ናቸው። በ1 ስንጀምር 1 − 6 + 9 − 4 = 0። ተገኘ! አሁን በ(λ − 1) እናካፍል፤ λ² − 5λ + 4 ይቀራል። እሱም (λ − 1)(λ − 4) ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 1 አንዴ ስለተገኘ ድጋሚ አይመጣም ብሎ ይተወዋል። ይመጣል፤ ሥሮቹ 1፣ 1 እና 4 ናቸው። ለማረጋገጥ ደምሯቸው፦ 6፣ የዲያጎናሉ ድምር። አባዟቸው፦ 4፣ ዲተርሚናንቱ። ድምሩ ወይም ብዜቱ ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል፤ እኔ መጀመሪያ የማየው የቋሚውን ምልክት ነው።

እስካሁን ያለው እርግጠኛ ነው። ራሽናል ሥር መኖሩ ግን እንደ ማትሪክሱ ይለያያል። ለምሳሌ λ³ − 3λ + 1 ላይ 1ን ብትሞክሩ −1፣ −1ን ብትሞክሩ 3 ይወጣል። ሌላ የሚሞከር የለም። ሦስት ሪል ሥሮች አሉት፣ ግን አንዱም ራሽናል አይደለም፤ ያኔ ወደ ቁጥራዊ ስሌት መሄድ ነው።