አንጂዮግራፊ ምንድን ነው? ስቴንትስ ባይፓስን ያስቀራል?

«ደረት ሳይሰነጠቅ በእጅ አንጓ በኩል ገብቶ ልብን መጠገን እየተቻለ፣ ዛሬም ባይፓስ የሚያዝ ሐኪም ከዘመኑ ወደ ኋላ የቀረ ነው» የሚል አስተያየት በቅርቡ አነበብሁ። ይህንኑ ሐሳብ ደብረ ብርሃን በምሠራበት ክሊኒክ ከታካሚ ቤተሰቦች ዘወትር ስለምሰማው እንደ ሌላው ጊዜ በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም። በአነጋገሩ ውስጥ ሁለት ስሕተቶች ተደርበዋል። አንደኛው አንጂዮግራፊን እንደ ሕክምና መቁጠር ነው፤ «አንጂዮግራፊ ተሠርቶለት ዳነ» ሲባል ያልሰማ የለም። ሁለተኛው የጠበበውን የልብ ቧንቧ ከውስጥ የሚከፍተውን የብረት መረብ፣ ስቴንትንና፣ በቀዶ ሕክምና ለደሙ አዲስ መንገድ የሚሠራውን ባይፓስን ለአንድ ሥራ የተሠሩ፣ አንዱ አሮጌ ሌላው አዲስ መሣሪያዎች አድርጎ ማየት ነው። ሰው የሚጎዳው ይኼኛው ስለሆነ የምቆየው በእርሱ ላይ ነው።

አንጂዮግራፊ የልብን ጡንቻ የሚመግቡትን ደም ቅዳ ቧንቧዎች በራጅ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው፤ በራሱ የሚያድነው ነገር የለም። ታካሚው እንቅልፍ ሳይወስደው፣ እያወራ ይሠራለታል። አንጓው በማደንዘዣ ይወጋና ከአውራ ጣት በላይ በኩል የሚመታው ደም ቅዳ ውስጥ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት አጭር ቱቦ ትገባለች። በእርሷ በኩል ካቴተር የሚባለው ረጅም ቀጭን ቱቦ በክንድ፣ በትከሻ አልፎ ከልብ በሚወጣው ትልቁ ቧንቧ ሥር ድረስ ይዘልቃል፤ የግራውና የቀኙ የልብ ቧንቧ የሚጀምሩት እዚያ ነው። ከዚያ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ ይረጫል፣ ማሽኑ ከተለያየ አቅጣጫ ይቀርጻል። ቧንቧዎች ከውስጥ ስለማይሰማቸው ታካሚው ካቴተሩ ሲሄድ አያውቅም። ኩላሊት የደከመበት ሰው ፈሳሹ ሊጎዳው ይችላልና የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬአቲኒን፣ አስቀድሞ ሳይታይ መግባት የለበትም፤ ይህን የምለው ሳይጠየቅ ነው፣ ነገር ግን ውጤቱን ሳይዝ ወደ አዲስ አበባ ተጉዞ የተመለሰ ሰው አይቻለሁ።

ምስሉ ምን ያሳያል? ሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት የሚያመርት ሰው ይህን ከእኔ ይበልጥ ይረዳዋል። አንጂዮግራፊ በቦዩ ውስጥ የሚሄደውን ውኃ ያሳያል እንጂ የቦዩን ግድግዳ አያሳይም። ውኃው አንድ ቦታ ላይ ቀጥኖ ሲታይ ሐኪሙ ከጎኑ ካለው ሰፊ ክፍል ጋር አስተያይቶ «70 ከመቶ ጠቧል» ይላል። ቦዩ ከላይ እስከ ታች በእኩል የጠበበ ከሆነ ግን የሚያስተያይበት ሰፊ ክፍል ስለሌለ ምስሉ ጤነኛ መስሎ ሊያሳስት ይችላል፤ የቆየ የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ በውጤቱ ወረቀት ላይ የተጻፈው መቶኛ ግምት ነው። 50 እና 60 ከመቶ በሚባሉት ላይ ጥርጣሬ ካለ፣ ግፊት የሚለካ ሽቦ ከጠባቡ ቦታ በታች ይላካል፤ በታች ያለው ግፊት ከላይኛው 80 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥበቱ የጡንቻውን ምግብ በእርግጥ እየቀነሰ ነው ይባላል።

ስቴንት የሚገባው በዚያው መንገድ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ሢሶ የምትበልጥ ያህል ውፍረት ያላት ሽቦ ጠባቡን ቦታ አልፋ ትሄዳለች፤ በሽቦዋ ላይ ትንሽ ፊኛ ተገፍታ ትነፋና መንገዱን ትከፍታለች። ቀጥሎ በሌላ ፊኛ ላይ የተጠቀለለው የብረት መረብ ይገባል፤ ፊኛው ሲነፋ መረቡ ተዘርግቶ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ ፊኛው ይወጣል፣ መረቡ ለዘለዓለም ይቀራል። ፊኛው በተነፋባቸው ሰከንዶች ደም ስለሚቆም ታካሚው ያንኑ የሚያውቀውን የደረት ጥብቀት ይሰማዋል። መረቡ የተቀባው መድኃኒት ግድግዳው ከመጠን በላይ አብጦ መንገዱን መልሶ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ብረቱ በስስ ሕዋስ እስኪሸፈን ግን ደም ሊረጋበት ስለሚችል አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ይወሰዳሉ፤ በተለምዶ ለተረጋጋ ሕመም ስድስት ወር፣ ለድንገተኛ የልብ ሕመም አንድ ዓመት ያህል። መድኃኒቱን በሁለተኛው ወር «ተሽሎኛል» ብሎ ያቆመ ሰው፣ ወይም ጥርስ ለማስነቀል ሲል ሐኪሙን ሳይጠይቅ ያቋረጠ ሰው፣ ስቴንቱ በድንገት ሊዘጋበት ይችላል።

አስተያየት ሰጪው ትክክል የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ። ቧንቧ በረጋ ደም ድንገት ተዘግቶ ጡንቻ እየሞተ ሳለ ክርክር የለም፤ የተዘጋውን ቧንቧ ቶሎ በስቴንት መክፈት ነፍስ ያድናል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመሐል ሜዳ የሚነሣው ደግሞ የበለጠ ይርቃል። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚቀርጸው ምርመራ፣ በኢሲጂ፣ ከተረጋገጠ በኋላ በ120 ደቂቃ ውስጥ ቧንቧውን ማስከፈት የማይቻል ከሆነ፣ የሚከለክል ነገር እስከሌለ ድረስ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እዚያው ሰጥቶ መላክ ይሻላል። ሕመሙ የተረጋጋ፣ ማለትም ዳገት ሲወጡ የሚያጠብቅና ሲያርፉ የሚለቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2020 የታተመው ኢስኬሚያ የተባለው ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ ከመድኃኒት በተጨማሪ ቶሎ ወደ አንጂዮግራፊና ስቴንት ወይም ባይፓስ መሄድ የሞቱትን ቁጥር አልቀነሰም፤ የደረት ሕመሙን ግን አቅልሏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቦዩ፣ ልመለስ። ስቴንት ደለል የሞላውን አንድ ቦታ ጠርጎ በብረት ይደግፋል፤ ከዚያ በላይና በታች ያለው ቦይ እንደነበረ ነው። ባይፓስ ደለሉን አይነካም፤ ከላይ አዲስ ቦይ ጠልፎ ከተበላሸው ክፍል ሁሉ በታች፣ ማሳው አፋፍ ላይ ያገናኘዋል። በዚህ ምክንያት በሚቀጥለው ዓመት ከመገናኛው በላይ ሌላ ቦታ ቢደለል እንኳ ማሳው አይደርቅም፤ ስቴንት በገባለት ቦይ ግን ይደርቃል። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ይሠራሉ የምለው ስለዚህ ነው። ምሳሌው የሚሰበረው ደለሉ ላይ ነው፦ የልብ ቧንቧ ስብ ከውኃው ወርዶ የተቀመጠ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ የበቀለ ስለሆነ ጠርጎ ማውጣት አይቻልም፤ ስቴንት ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም።

አንድ ታካሚ ላንሣ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ። ዕድሜው 58፣ የደብረ ሲና እህል ነጋዴ፣ ስኳር ካለበት ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው። ኩንታል ሲያስነሣና ዳገት ሲወጣ ደረቱን ያጠብቀዋል። አንጂዮግራፊው ሦስቱም ዋና ቧንቧዎች መጥበባቸውን አሳየ፤ የልብን የፊት ግድግዳ የሚመግበው የግራ ፊት ቧንቧ ገና ከመነሻው 80 ከመቶ፣ ያውም ቅርንጫፍ ከሚወጣበት ላይ። የልቡ የመግፋት አቅም 45 ከመቶ ነበር፣ ከጤነኛው ዝቅ ያለ። ልጆቹ «አባታችን ለቢላ አይሰጥም፣ ስቴንት ይደረግለት» አሉ። ይቻላል? ይቻላል፤ አራት ወይም አምስት ስቴንት ይፈጃል።

የልብ ሐኪሙና የቀዶ ሐኪሙ አብረው ምስሉን አዩ። የጥበቶቹን ብዛት፣ ቦታና አስቸጋሪነት የሚመዝነው የሲንታክስ ነጥቡ 29 ሆነ፤ እስከ 22 ያለው ዝቅተኛ፣ 33ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል፣ የእርሱ መካከለኛ ነው። ሚዛኑን የደፋው ግን ስኳሩ ነው። በ2012 የታተመው ፍሪደም የተባለው ጥናት ስኳር ያለባቸውንና ከአንድ በላይ ቧንቧ የጠበባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሞቱ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰባቸው ከስቴንት ወገን 26.6 ከመቶ፣ ከባይፓስ ወገን 18.7 ከመቶ ነበሩ። ስትሮክ ብቻውን ሲቆጠር ግን ባይፓሱ ይከፋል፤ 5.2 ከመቶ በ2.4። ይህን ሁለተኛ ቁጥር ለቤተሰቡ ያልነገረ ሐኪም ግማሹን ብቻ ነግሯል።

ባይፓስ ተወሰነለት። በቀዶው የደረት አጥንት መሐል ለመሐል ይከፈታል። ከደረት ግድግዳ የውስጥ ክፍል የሚወርደው ደም ቅዳ ከላይ ሳይቆረጥ ታችኛው ጫፉ ተነቅሎ ከፊተኛው የልብ ቧንቧ ጋር ይሰፋል። ለቀሩት ሁለቱ ከእግር የተወሰደ ደም መላሽ ጥቅም ላይ ይውላል። የደረቱ ቧንቧ ከአሥር ዓመት በኋላም በአብዛኛው ክፍት ሆኖ ይገኛል፤ ከእግር የሚወሰደው ግን በዚያን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ተዘግቶ ይሆናል። ስለዚህ «ባይፓስ ለሁልጊዜ ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። ነጋዴው ከተመለሰ በኋላ ያስቸገረን ልቡ ሳይሆን እግሩ ነበር፤ ደም መላሹ የወጣበት ቁስል በስኳሩ ምክንያት ለመዳን ረጅም ጊዜ ወሰደበት። አጥንቱ እስኪገጥም ለሁለት ወር ያህል ኩንታል እንዳይነካ ተነግሮት ነበር፤ ይህንንስ ልጆቹ ጠበቁለት።

ይኸው ሰው ስኳር ባይኖርበትና ነጥቡ 15 ቢሆን ኖሮ ስቴንት ይበቃው ነበር። ወይም 84 ዓመቱ ሆኖ፣ ሳንባው ደክሞ፣ ቀድሞ ስትሮክ መትቶት ቢሆን፣ ጥናቱ ምንም ይበል ምን ደረቱን መክፈት የሚደፍር ሐኪም ማግኘት ያስቸግር ነበር። ቧንቧዎቹ ከጠባቡ ቦታ በታች ሳስተው መስፊያ ቦታ ካጡም ባይፓስ አይሆንም።

እንግዲህ ለአስተያየት ሰጪው የምለው ይህ ነው፦ ድንገተኛ ሕመም ካልሆነና ከአንድ በላይ ቧንቧ ጠቦ ከተገኘ፣ ታካሚው ካቴተሩ እጁ ውስጥ እንዳለ በጠረጴዛው ላይ «ስቴንት ላድርግልህ?» ተብሎ መጠየቅ የለበትም። ምስሉ ይነሣ፣ ታካሚው ከጠረጴዛው ይውረድ፣ ከቤተሰቡና ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ለዚህ ደግሞ ከውጤቱ ወረቀት ይልቅ ምስሉ የተቀረጸበትን ሲዲ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። ወረቀቱ «ሦስት ቧንቧ» ይላል፤ የቀዶ ሐኪሙ መርፌ የሚያሳርፍበት ቦታ መኖር አለመኖሩን የሚያየው በሲዲው ላይ ነው።