ከዱባዩ የቡና አውደ ርዕይ የመጣ የካርድ ክምር፦ ለማን በግል እንጻፍ?

«ካርዱን አሁን እንሰብስብ፤ መለየቱ አዲስ አበባ ስንመለስ ይደርሳል።»

አይደርስም። ካርዱ ላይ የታተመው ስም፣ ማዕረግና ስልክ ነው። ሰውየውን በየትኛው ምድብ እንደምናስቀምጠው የሚወስነው ግን ካርዱ ላይ ያልታተመው ነው፦ ምን ዓይነት ቡና ጠየቀ? ስንት ጆንያ ይፈልጋል? ለመቼ? እኛስ ምን እንልክልሃለን አልነው? እነዚህ አራት መልሶች ሰውየው ዞር እንዳለ ካልተጻፉ፣ ከሰዓት በኋላ ከሌላ ሰው ወሬ ጋር ይደባለቃሉ።

ለምሳሌ የጉጂን የታጠበና ያልታጠበ ቡና የሚልክ አንድ መለስተኛ ድርጅት እንውሰድ። ሁለት ሠራተኞች ዱባይ ሄደው ሦስት ቀን ቆመው ውለው 130 ካርድ ይዘው ተመለሱ እንበል። ከካርዶቹ በአንዱ ጀርባ «ጥሩ ሰው፣ ሪያድ» ተብሎ ተጽፏል። በሌላው ጀርባ «ጉጂ ያልታጠበ፣ 1ኛ ደረጃ፤ 40 ጆንያ፤ እስከ ግንቦት ይድረስ፤ ናሙና ቃል ገብተናል» ይላል። የመጀመሪያው ማስታወሻ ከሳምንት በኋላ ለጸሐፊውም ቢሆን ምንም አይነግረውም። ሁለተኛውን ግን ዱባይን በዓይኑ ያላየ የቢሮ ሠራተኛ እንኳ አንስቶ ደብዳቤ ሊጽፍበት ይችላል።

ብዙ ካርዶች የሚያንጸባርቁ ስለሆኑ እስክሪብቶ አይዛቸውም፤ ስለዚህ ትንሽ ደብተርና የወረቀት ማያያዣ መያዝ ይጠቅማል። የአዘጋጁን የባጅ ማንበቢያ የሚጠቀሙም ቢሆኑ ከዚህ ሥራ አያመልጡም፤ መሣሪያው የሚሰጠው ስምና ኢሜይል እንጂ የተባለውን ነገር አይደለም። ማታ ሆቴል ሲገቡ ሁለቱ ሠራተኞች የዕለቱን ካርዶች አንድ በአንድ እያነሱ ሀ፣ ለ ወይም ሐ ቢሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅባቸውም፤ ሀ አሁኑኑ በግል የሚጻፍለት፣ ለ ቀን ተቆርጦለት በኋላ የሚጻፍለት፣ ሐ ደግሞ የቀረው ሁሉ ነው። ያን ጊዜ የሰውየው ፊት ገና አልጠፋም።

«ማዕረጉ ከፍ ያለ፣ ድርጅቱም የታወቀ ከሆነ አንደኛ ምድብ ነው።»

ብዙ ላኪዎች የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን የሚጥሉት እዚህ ላይ ነው። የትልቅ ሆቴሎች የግዢ ዳይሬክተር ማሳያ ቦታችን ድረስ መጥቶ ቡናችንን ቀምሶ ሲያመሰግን ደስ ይላል፤ ፎቶም እንነሣለን። ይህ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው እዚያው ዱባይ ተቆልቶ የታሸገ ቡና ነው። ጥሬ ቡና በኮንቴይነር አያስገባም፤ የማስገቢያውን ሰነድ የሚያዘጋጅለትም፣ መጋዘን የሚይዝለትም የለም። ጥያቄው «ይህ ሰው ትልቅ ነው ወይ?» ሳይሆን «ይህ ሰው ጥሬ ቡና ይገዛል ወይ፣ ካልገዛስ የሚገዛለት ማን ነው?» የሚል መሆን አለበት።

በሌላ በኩል የቡና መቁያ ያላቸውን ትናንሽ ነጋዴዎች እንያቸው። ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ሲሆን፣ ይህም 19,200 ኪሎ ማለት ነው። 40 ጆንያ የሚፈልግ ሰው የዚህን አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው የሚፈልገው። ብቻውን ኮንቴይነር አይሞላም፤ በአውሮፕላን ላምጣ ቢል ማጓጓዣው ትርፉን ይበላበታል። ስለዚህ ካርዱ ብቻውን ሲታይ ወደ ለ ወይም ወደ ሐ ይጣላል።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በሦስቱ ቀናት ውስጥ ሦስት ትናንሽ ቆልቶ ሻጮች እያንዳንዳቸው 40 ጆንያ ገደማ ጠይቀዋል። ሠራተኞቹ «ቡናውን የሚያስገባልህ ማን ነው?» ብለው ስለጠየቁ ሦስቱም ካርዶች ጀርባ ላይ የአንድ አስመጪ ስም ተጽፏል። ማታ ካርዶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ 120 ጆንያ ገዥ ያለው አንድ አስመጪ ታየ። እርሱ ራሱ ማሳያ ቦታቸውን በሁለት ደቂቃ አልፎት ሄዷል፤ ካርዱም ሐ ተብሎ ነበር። አሁን ሀ ሆነ፤ ሦስቱ ደንበኞቹም አብረውት ሀ ሆኑ። ካርድን አንድ በአንድ ብቻ መመዘን እንዲህ ያለውን ነገር ይደብቃል፤ ስለዚህ ከምደባው በኋላ «እነማን ከእነማን ጋር ይሠራሉ?» የሚል ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋል።

የገዥን ቁም ነገር የሚያሳዩ ጥያቄዎችም አሉ። «ዋጋችሁ ስንት ነው?» የሚለው ከእነርሱ አይደለም፤ እሱን የሚያልፍ ሁሉ ይጠይቃል። መጠንና የጭነት ወር ጠቅሶ የጅቡቲ ወደብ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ግን ሒሳብ እየሠራ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ገዥ የአርሶ አደሮቹን ማሳ የጂፒኤስ መረጃ ካነሣ ደግሞ ማስታወሻ ይያዝለት፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ከደን ጭፍጨፋ ነጻ የሆኑ ምርቶች ደንብ ይህን መረጃ የሚጠይቀው ከአስመጪው ስለሆነ፣ ቡና የማስገባት ሐሳብ የሌለው ሰው እምብዛም አያስታውሰውም። በተቃራኒው መጠን ሳይናገር ከአራት ዓይነት ቡና አምስት አምስት ኪሎ ነጻ ናሙና የሚጠይቅ አለ። ለቅምሻ 300 ግራም ገደማ ይበቃል። የቀረው ለማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

«ለሁሉም በግል ብንጽፍ ማንንም አናጣም።»

የሀ ምድብ ስፋት የሚወሰነው በሰዎቹ ብዛት ሳይሆን በጸሐፊው ሰዓት ነው። ማስታወሻውን አይቶ፣ ያለውን ቡና ከክምችት አረጋግጦ፣ ናሙናውን አስመዝኖ አንድ እውነተኛ የግል ደብዳቤ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የሽያጭ ሠራተኛው ከሌላ ሥራው ተርፎ በቀን ሁለት ሰዓት ቢያገኝ አራት ደብዳቤ ይጽፋል፤ ትዝታው ሳይቀዘቅዝ በአራት የሥራ ቀን እንጨርስ ካልን 16። ስለዚህ የድርጅታችን ሀ ምድብ ከ16 መብለጥ የለበትም። 130ዎቹ ካርዶች ሲለዩ 14 ሀ፣ 30 ለ፣ 86 ሐ ሆኑ። ሀ ውስጥ 40 ሰው የከተተ ድርጅት መጨረሻ ላይ ለአርባውም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ስም እየቀየረ ይልካል፤ ገዥውም ወዲያው ይለየዋል።

ከምድብ በላይ የሆነ አንድ ሕግ ግን አለ፦ ቃል የተገባለት ሰው ምድቡ ምንም ይሁን ምን ይጻፍለታል። ተማሪም ቢሆን፣ ተፎካካሪም ቢሆን፣ «የማጠቢያ ጣቢያውን ፎቶ እልክልሃለሁ» ከተባለ ይላክለት። በምሳሌያችን ከ86ቱ ሐዎች ውስጥ አምስት እንዲህ ያሉ ነበሩ። ለእነርሱ የሁለት መስመር መልእክት ይበቃል።

የሀ ደብዳቤም ረጅም መሆን የለበትም። «በማሳያ ቦታችን ስለተገናኘን ደስ ብሎናል፤ ድርጅታችን በጥራት የታወቀ…» የሚለው ደብዳቤ ለማንም ሊላክ ስለሚችል ለማንም አልተጻፈም። «ማክሰኞ ከሰዓት ቀምሰው ከወደዱት ያልታጠበ የጉጂ ቡና 300 ግራም ነገ ይላካል፤ 40 ጆንያ እስከ መጋቢት መጨረሻ መጫን እንችላለን፤ አስመጪዎን ጨምረን ብንጽፍ ይፈቅዳሉ?» የሚለው ግን ማስታወሻው ላይ ያለው ነገር እንዳለ የሰፈረበት ነው። መጨረሻው ላይ ያለው ጥያቄ በአንድ ቃል የሚመለስ መሆኑንም ልብ ይበሉ።

ለ ምድብ ውስጥ የሚገባው ፍላጎቱ እውነተኛ፣ ጊዜው ግን ገና የሆነ ሰው ነው። «የያዝኩት ቡና እስከ ሐምሌ ያደርሰኛል» ካለ፣ ዛሬ አጭር ምስጋና ይላክለትና በግንቦት በግል እንዲጻፍለት ቀን ይቆረጥ። ቀን ያልተቆረጠለት ለ ስሙ ለ ይሁን እንጂ ሐ ነው።

«ጽፈንለት አልመለሰም፤ አልፈለገንም ማለት ነው።»

ገዥውም እኮ ከዚያው አውደ ርዕይ ነው የተመለሰው፤ እርሱም የካርድ ክምርና ያልተከፈተ ኢሜይል ይጠብቀዋል። መቼ እንደተላከለትም ይታይ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዕረፍት ቀኑን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛውራለች፤ ዓርብም በግማሽ ቀን ይዘጋል። ሳዑዲ ዓረቢያ ግን ዓርብና ቅዳሜ አርፋ እሑድ ሥራ ትገባለች። እሑድ ጠዋት ለሪያድ መጻፍ ጥሩ ነው፤ ለዱባይ ግን ሰኞ ይሻላል። በእኛም በኩል አውደ ርዕዩ በጥር ሲውል ጥምቀት ይደርስና ናሙና የሚመዝነው ሰው ከቢሮ ይጠፋል፤ ይህን ከመሄድ በፊት ማሰብ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ «የፊተኛው ደርሶዎታል?» የሚል ባይሆን ይመረጣል። አዲስ ነገር ይያዝ፤ ናሙናው የደረሰበትን ቀን፣ የራሳችን ቀማሽ የሰጠውን ውጤት። ሦስተኛው ከቅምሻው በኋላ ነው። ናሙናው ደርሶት፣ ቀምሶ፣ ሦስቴም ተጽፎለት ዝም ካለ ወደ ለ ይውረድና ለሚቀጥለው ምርት ቀን ይያዝለት። «ቡናው ጥሩ ነው፣ እኛ ግን የምንፈልገው የታጠበ ነው» ብሎ የመለሰው ደግሞ እምቢ ያለ ይመስላል እንጂ ሀ እንደሆነ ነው፤ የታጠበ ናሙና ይላክለት።

«የቀሩትን ለሁሉም በሚላከው ኢሜይል ውስጥ እንክተታቸው፤ ምን ይጎዳል?»

ሐዎቹ መጀመሪያ ይበጠሩ። ጭነት አስተላላፊው፣ የጆንያ ነጋዴውና የማሽን ሻጩ ሊሸጡልን የመጡ ናቸው፤ አድራሻቸው ለግዢ ክፍል ይተላለፍ። ሌሎች ላኪዎች የዋጋ ዝርዝራችን በየወሩ እንዲደርሳቸው የምንፈልግ አይመስለኝም። ከእነዚህ የሚተርፉት ጥቂት ናቸው፤ እነርሱንም ቢሆን ካርድ ሰጡ ማለት የዘወትር መልእክት ላኩልን አሉ ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ደንብ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለዚህ አንድ ጊዜ «አዲስ ምርት ሲደርስ እናሳውቅዎት?» ተብለው ይጠየቁ። እሺ ያለ ይመዝገብ፤ በሚደርሰው መልእክት ሁሉ ላይም መውጫ ይኑረው። መልስ ያልሰጠው ከዝርዝሩ ይሰረዝ።