የሽያጭ ኮሚሽን ሠንጠረዥ፦ እርከኑ፣ የቡድን ቦነሱና የተመለሰው ዕቃ

የኮሚሽን ሠንጠረዥ ሻጩ በወሩ ምን ያህል እንደሸጠና ከዚያ ላይ ስንት ብር እንደሚደርሰው የሚያሳይ የሂሳብ ወረቀት ነው። ሽያጭ ብቻ ሲኖር ቀላል ነው። የተሸጠ ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ ግን ሻጩና ሂሳብ ክፍሉ አንዱን ወረቀት ይዘው ለየብቻ ይደምራሉ። ጠቡ የሚነሳውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ፍሪጅና ምድጃ የሚያከፋፍል ድርጅት እናስብ። አራት ሻጮች አሉት። መነሻ ደመወዝ ይከፍላቸዋል፣ በላዩ ኮሚሽን አለ። የኮሚሽኑ እርከን ሦስት ነው። እስከ 500,000 ብር ሽያጭ 1 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,000,000 ብር 2 በመቶ፣ ከ1,000,000 ብር በላይ 3 በመቶ።

መጀመሪያ ሽያጩ ራሱ መታወቅ አለበት። ኮሚሽን የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ነው፤ ቫቱ የመንግሥት ገንዘብ እንጂ የድርጅቱ ገቢ አይደለም። አንዷ ሻጭ በየካቲት ወር በደረሰኝ 1,380,000 ብር ሸጠች እንበል። 15 በመቶ ቫት ሲወጣለት 1,200,000 ብር ይሆናል። ይህ የሚገኘው ለ1.15 በማካፈል ነው። ከጠቅላላው ላይ 15 በመቶ የሚቀንስ ሰው 1,173,000 ላይ ይደርሳል፤ የሻጯ 27,000 ብር ሽያጭ በአየር ላይ ጠፋ ማለት ነው። ስህተቱ ትንሽ ስለሚመስል ለወራት ሳይታይ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው እርከኑ እንዴት ይነበባል የሚለው ነው። ሁለት ንባብ አለ። በአንደኛው እያንዳንዱ ተመን የሚሠራው በራሱ እርከን ውስጥ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው፤ የገቢ ግብር እንደሚሰላው ማለት ነው። ሻጯ ከመጀመሪያው 500,000 ብር 5,000፣ ከሁለተኛው 500,000 ብር 10,000፣ ከቀሪው 200,000 ብር 6,000 ታገኛለች። ድምሩ 21,000 ብር ነው። በሁለተኛው ንባብ ደግሞ የደረሰችበት ተመን በጠቅላላው ሽያጭ ላይ ይሠራል። ያኔ 3 በመቶ ከ1,200,000 ብር፣ 36,000 ብር ይሆናል።

ውሉ ላይ «ከ1,000,000 በላይ ለሸጠ 3 በመቶ» ብሎ ብቻ የጻፈ ድርጅት ሁለቱንም ጽፏል። ሁለተኛውን ንባብ እኔ አልመክርም። 990,000 ብር የሸጠ 19,800 ብር ያገኛል፤ 1,010,000 ብር የሸጠ ግን 30,300። በመሃል ያለው የ20,000 ብር ሽያጭ 10,500 ብር አወጣ። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሻጩ የሚያውቀውን ደንበኛ «አሁን ውሰድልኝ፣ ካልሆነ ትመልሰዋለህ» ማለት ይጀምራል። የወር መጨረሻ ሽያጭ በድንገት ሲያብጥና በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ተመላሽ ሲበዛ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ንባብ በኤክሴል እንዲህ ይጻፋል፤ F2 ከቫት በፊት ያለው የወሩ ሽያጭ ነው።

```
=MIN(F2,500000)*1%+MAX(0,MIN(F2,1000000)-500000)*2%+MAX(0,F2-1000000)*3%
```

አሁን ዕቃው ይመለስ። የካቲት ላይ ስድስት ፍሪጅ የወሰደ ሆቴል መጋቢት ላይ ስድስቱንም መለሰ። ዋጋቸው ከቫት በፊት 300,000 ብር ነው። ሻጯ በመጋቢት የሸጠችው ደግሞ 400,000 ብር ብቻ ነው። ስንት ይቀነስባት?

ብዙ ሠንጠረዦች ተመላሹን ዝም ብለው ከመጋቢት ሽያጭ ላይ ያነሳሉ። 400,000 የነበረው 100,000 ይሆናል፣ ኮሚሽኑ ከ4,000 ወደ 1,000 ይወርዳል። የተቀነሰው 3,000 ብር ነው። ሌሎች ደግሞ ሻጯ በየካቲት የደረሰችበትን ከፍተኛ ተመን ይይዛሉ፤ 3 በመቶ ከ300,000፣ 9,000 ብር ይሆናል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ፍሪጆቹ ባይሸጡ ኖሮ የካቲት 900,000 ብር ይሆን ነበር፣ ኮሚሽኑም 13,000። የተከፈላት 21,000 ነው። ስለዚህ የሚቀነሰው 8,000 ብር ነው፤ አይበልጥም፣ አያንስም።

ለዚህ ነው እያንዳንዱ ተመላሽ ዋናውን የሽያጭ ደረሰኝ ቁጥርና ቀን ይዞ መመዝገብ ያለበት። ያ ዓምድ ከሌለ የካቲትን መልሶ ማስላት አይቻልም። 3,000 ብቻ የሚቀንስ ሠንጠረዥ በጥሩ ወር ላይ አብዝቶ ሸጦ በደካማ ወር ለሚያስመልስ ሰው ልዩነቱን ይተውለታል። 9,000 የሚቀንሰው ደግሞ ሻጯ ያላገኘችውን 1,000 ብር ይወስዳል።

የተመለሰበት ምክንያትም ዓምድ ይፈልጋል። ኮምፕረሰሩ ተበላሽቶ የመጣ ፍሪጅ በሌላ ከተተካ ሽያጩ አልፈረሰም፤ ኮሚሽኑም አይነካም። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ወይም በማጓጓዝ ላይ ተጎድቶ ከተመለሰ ጥፋቱ የሻጭ አይደለምና ድርጅቱ ቢሸከመው ይሻላል። ሻጩ ስለ ዕቃው የሌለውን ተናግሮ ከተመለሰ ወይም ደንበኛው ሐሳቡን ከቀየረ ግን ይቀነሳል። ይህን የሚወስነው ሻጩም የሽያጭ ኃላፊውም ባይሆኑ ይመረጣል፤ ዕቃውን የሚረከበው መጋዘን ምክንያቱን ቢጽፍ ይሻላል።

የቡድን ቦነስ ነገሩን ያከብደዋል። አራቱ ሻጮች በወር 3,000,000 ብር ታርጌት ከመቱ 24,000 ብር ይካፈላሉ። ግማሹ እኩል፣ ግማሹ በሽያጭ ድርሻ ይከፈላል። በየካቲት 3,200,000 ብር ሸጡ። የእኛዋ ሻጭ ድርሻ 37.5 በመቶ ስለሆነ 3,000 እና 4,500፣ በድምሩ 7,500 ብር ወሰደች። ፍሪጆቹ ሲመለሱ የቡድኑ ሽያጭ 2,900,000 ሆነ። ታርጌቱ ፈረሰ።

ሦስቱ ባልደረቦቿ ባላዩት ደንበኛ ምክንያት የወሰዱትን መልሱ ሲባሉ ቡድኑ ይበጠበጣል። እኔ የማምንበት መፍትሔ ቦነሱን የመመለሻ ጊዜው እስኪያልፍ አለመክፈል ነው። ደንበኛ ዕቃ የሚመልሰው በ30 ቀን ውስጥ ከሆነ የየካቲት ቦነስ በመጋቢት መጨረሻ ይከፈል። መዘግየቱ ቅር ያሰኛል፣ ግን እጅ የገባን ገንዘብ ከመመለስ ይቀላል።

ቅነሳው የሚነሳበት ቦታም መታወቅ አለበት። የሻጯ መነሻ ደመወዝ 15,000 ብር ነው እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ያለው የወር ገቢ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ስለዚህ ከየካቲት 21,000 ብር ኮሚሽን እጇ የገባው 13,650 ብር ነው። 8,000ው ከግብር በኋላ ካለው ክፍያዋ ላይ ቢነሳ፣ ለግብር የሄደውን 2,800 ብር እሷ ከኪሷ ትከፍላለች። ቅነሳው ግብር ከመሰላቱ በፊት ከኮሚሽኑ ላይ ይነሳ።

የመጋቢት ኮሚሽኗ 4,000 ብር ብቻ ስለሆነ ግን 8,000ውን አይችልም። ቀሪው 4,000 በ«ዞሮ የመጣ» ዓምድ ወደ ሚያዝያ ይሄዳል። ከመነሻ ደመወዟ ላይ እንዳሻ ማንሳት አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ኮሚሽንን ከደመወዝ ለይቶ ያየዋል። ከደመወዝ ለመቀነስ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ መደንገግ፣ አለዚያም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። እርከኑ፣ የመመለሻ ጊዜውና ዞሮ የሚመጣው ሂሳብ ሻጩ በፈረመው ውል ላይ፣ በቁጥር ከተሠራ አንድ ምሳሌ ጋር፣ ቢጻፉ ሻጩም ሂሳብ ክፍሉም አንድ ድምር ላይ ይደርሳሉ።